ጥያቄ 34፦ ሳሉ መስከረም፣ እንቁላሉ ታኅሣሥ

ሜላት ከቱሉ ዲምቱ · ሰኞ ማታ 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። የሜዲካል ላብራቶሪ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የፓራሲቶሎጂ ፈተና ውጤት ዛሬ ተሰጠን። አንዷ ጥያቄ ጉድ ሠራችኝ። ከ10 ያገኘሁባት 3 ነው። ሦስቷንም ለእጅ ጽሑፌ የሰጡኝ ይመስለኛል። እስከ ሐሙስ ቅሬታ ማቅረብ ይቻላል። ግን መጀመሪያ የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ ልወቅ ብዬ ነው። ጥያቄዋን እንዳለች ገልብጫታለሁ፦

> በአቃቂ ወንዝ ዳር አትክልት ከሚያለማ ቤተሰብ የመጣ የ7 ዓመት ልጅ ነው። መስከረም 20 ደረቅ ሳል ጀመረው። ሲተነፍስ ያፏጫል፣ ትንሽ ያተኩሰዋል። መስከረም 28 ጤና ጣቢያ መጣ። ከነጭ የደም ሕዋሱ 22 በመቶው ኢኦሲኖፊል ነው። ኤክስሬዩ በሁለቱም ሳንባ ላይ የተበታተነ ጥላ አሳየ። ጥቅምት 4 ሲደገም ጥላው ቦታ ቀይሯል። በሁለቱም ቀን ሰገራው በካቶ ካትዝ ታይቶ ምንም አልተገኘበትም። ታኅሣሥ 13 ሰገራው እንደገና ሲታይ ሁለት ዓይነት እንቁላል ተገኘ። አንዱ ቡናማ፣ ክብ ቢጤ፣ ዳር ዳሩ ጎርባጣ። ሌላው እንደ በርሜል፣ በሁለቱም ጫፍ ክዳን ያለው። አልቤንዳዞል 400 ሚሊ ግራም አንድ ጊዜ ተሰጠው። ከ3 ሳምንት በኋላ አንደኛው እንቁላል ጠፋ፣ ሌላው ግን አለ።
>
> 1. ሳሉን ያመጣው የትኛው ትል ነው? 2. የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምርመራዎች ለምን ምንም አላሳዩም? 3. የቀረው የትኛው ነው? ምን ይደረግ?

የእኔ መልስ ይኸው፣ አትሳቁብኝ። 1. ሁክዎርም። እርሻ ላይ በባዶ እግር ስለሚኬድ፣ በቆዳ ገብቶ ሳንባ ስለሚደርስ። 2. የላብራቶሪ ስህተት። 3. መድኃኒቱን የተላመደ ወስፋት ነው፣ መጠኑ በእጥፍ ይሰጠው።

---

አብዱ ላብ · ሰኞ ማታ 3፡05

አይዞሽ ሜላት፣ እኛም በጊዜያችን ወድቀንባታል። አንደኛው ወስፋት ነው፣ አስካሪስ። ግን ትሪኩሪስ ብትዪም ያስኬድሽ ነበር። የአፈር ትሎች ሁሉም በሳንባ ዞረው ነው አንጀት የሚገቡት። ሁለተኛው ላይ እኔ ካንቺ ጋር ነኝ። ስንት ቦታ ስላይዱን አንድ ደቂቃ ሳያዩት «ምንም የለም» ብለው ይጽፋሉ። እኔ ራሴ የሠራሁበትን ቤት አውቀዋለሁ። ሦስተኛው ትሪኩሪስ ነው።

---

ጋሽ ተስፋ ማይክሮስኮፕ · ሰኞ ማታ 4፡20

ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ። 26 ዓመት ሰገራ ያየ ሰው ነው የሚጽፍላችሁ።

አብዱ፣ «ሁሉም በሳንባ ይዞራሉ» ያልካት ተማሪ የምትጥል ናት። ወስፋት ይዞራል። ሁክዎርም ይዞራል። ስትሮንጂሎይደስም ይዞራል። ትሪኩሪስ ግን ከአንጀት አይወጣም። እንቁላሉ ይዋጣል፣ ቀጭን አንጀት ውስጥ ይፈለፈላል፣ እጩ ከግድግዳው ትንሽ ተወሽቆ ይቆይና ወደ ትልቁ አንጀት መጀመሪያ ይወርዳል። እዚያው ያድጋል፣ እዚያው ያረጃል። ሳንባ የሚባል ነገር መኖሩንም አያውቅም። ስለዚህ ለሳሉ የሚጠየቀው እሱ አይደለም።

አሁን ወደ ሜላት። ሁክዎርም ያልሽው ከንቱ ግምት አይደለም። መንገዱን በትክክል ነው የጻፍሽው። ግን ጥያቄዋ ውስጥ የተገኙትን እንቁላሎች ረሳሽ። የሁክዎርም እንቁላል ልጣጩ ስስ ነው፣ ቀለም የለውም፣ ውስጡ አራት ስምንት የሚሆኑ ሕዋሳት ቁጭ ብለው ይታያሉ። ታኅሣሥ ላይ እንዲህ ያለ አልተገኘም። የተገኙት ቡናማው ጎርባጣና በርሜሉ ናቸው። ቡናማው ወስፋት ነው፣ በርሜሉ ትሪኩሪስ። ከሁለቱ ሳንባ የሚያልፈው አንዱ ብቻ ነው። አለቀ።

ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ወረቀት አምጪና ቀን ቁጠሪ። አስተማሪሽ ቀኖቹን በከንቱ አላስቀመጡም።

የወስፋት እጭ አንጀቱን በስቶ በጉበት አድርጎ ሳንባ ይገባል። እዚያ ከ10 እስከ 14 ቀን ይቆያል። ሳሉ የሚጀምረው እንቁላሉ ከተዋጠ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ ነው። መስከረም 20 ከጀመረ ልጁ እንቁላሉን የዋጠው መስከረም 10 አካባቢ ነው በይ። ከዚያ እጩ በሳል ወደ ጉሮሮ ይወጣል፣ ልጁ ይውጠዋል፣ እንደገና አንጀት ይደርሳል፣ ያድጋል። ከተዋጠበት ቀን እስከ መጀመሪያው እንቁላል ድረስ ከ2 እስከ 3 ወር ይፈጃል። ስለዚህ ቢፈጥን ኅዳር 10፣ ቢዘገይ ታኅሣሥ 10 ነው። መስከረም 28 በ18ኛው ቀን ነው። ጥቅምት 4 በ24ኛው። ያኔ እንቁላል የምትጥል ትል ገና አልነበረችም። የሌለውን እንቁላል የትኛው ላብራቶሪ ያገኘዋል? ታኅሣሥ 13 ግን 93ኛው ቀን ነው። ተገኘ።

---

ሜላት ከቱሉ ዲምቱ · ሰኞ ማታ 4፡38

ጋሽ ተስፋ እግዜር ይስጥልን። ደብተሬ ላይ ዑደቱ በክብ ቀስት ተስሏል። ቀን ግን የለውም። ለዚህ ነው ያልገባኝ። ክቡ ላይ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ያለ ይመስላል።

---

የናሆም እናት · ማክሰኞ ጠዋት 1፡15

ይቅርታ፣ ተማሪ አይደለሁም፤ ስለ ትል የምታወሩ ሲመስለኝ ገባሁ። ለገጣፎ ነው የምንኖረው። ልጄ 6 ዓመቱ ነው፣ ከአፈር አይወጣም፣ ቀኑን ሙሉ ጭቃ ነው። ሰሞኑን የውስጥ ልብሱ ላይ ነጭ ጠፍጣፋ ነገር አየሁ። የሩዝ ፍሬ መስሎኝ ልጥለው ስል ተንቀሳቀሰ! ጮህኩ በእውነት። ይሄ ያላችሁት የአፈር ትል ነው አይደል? ትምህርት ቤት የሰጡትን የወስፋት ኪኒን ካኘከ ሁለት ወሩ ነው። ጎረቤቴ እንቆቆ አጠጪው አለችኝ። ላጠጣው?

---

አብዱ ላብ · ማክሰኞ ጠዋት 2፡00

እሱስ ወስፋት ነው እህቴ፣ ኪኒኑን ይድገም።

---

ጋሽ ተስፋ ማይክሮስኮፕ · ማክሰኞ ጠዋት 2፡30

አብዱ፣ ቀስ በል። ወስፋት ሲወጣ ድቡልቡል ነው፣ ከእርሳስ ይረዝማል፣ የምድር ትል ይመስላል። ጠፍጣፋ፣ ነጭ፣ ቁርጥራጭ፣ በራሱ የሚሳብ ከሆነ የሚመስለኝ ኮሶ ነው።

የናሆም እናት፣ በበዓል ጥሬ ሥጋ ወይም ለብ ለብ ክትፎ ቀምሷል?

---

የናሆም እናት · ማክሰኞ ጠዋት 2፡41

ጋሼ ምን ብዬ ልዋሽዎት። አባቱ ጥሬ ሲቆርጥ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያጎርሰዋል። «ወንድ ልጅ ይልመድ» ይላል።

---

ጋሽ ተስፋ ማይክሮስኮፕ · ማክሰኞ ጠዋት 2፡55

እንግዲያው ጭቃውን ለቀቅ አድርጊው። ኮሶ ከአፈር ሳይሆን ከበሬ ሥጋ ነው የሚመጣው። ቁራጩን ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ያዢና ጤና ጣቢያ ይዘሽ ሂጂ፣ ልጁም ይሂድ። ዓይተው ያረጋግጣሉ። ትምህርት ቤት የሚሰጠው አንድ ኪኒን ለኮሶ አይታመንም። ለሱ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ፕራዚኳንቴል ነው፣ መጠኑም በኪሎው ነው። እንቆቆውን ተይው። እናቶቻችን ሲጠጡት አይቻለሁ፣ ሲያጣድፋቸውም አይቻለሁ። የስድስት ዓመት ልጅ ሆድ ላይ አይሞከርም። ደግሞ ቁራጩን ስትይዢ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ።

---

ዶክተሩ ከሰበታ መንገድ · ማክሰኞ ቀን 7፡10

ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። የጋሽ ተስፋ ቆጠራ ትክክል ነው። አንድ ነገር ልጨምር። ጥላው ቦታ መቀየሩ የዚህ በሽታ ፊርማ ነው ማለት ይቻላል። የሎፍለር ሲንድሮም የሚሉት ነው። ተራ የሳንባ ምች ጥላ ያዘበት ቦታ ላይ ይከርማል። ይሄኛው ግን እጮቹ ባለፉበት ሁሉ ይታይና ይጠፋል።

ግን ጥያቄዋ ያልጠየቀችው ነገር አለ። መስከረም 28 ላይ ምን ይሰጠው ነበር? እኔ ብሆን ያንኑ ቀን አልቤንዳዞል እሰጠዋለሁ። ከዚያ ከሦስት ወር በኋላ እደግመዋለሁ።

---

ጋሽ ተስፋ ማይክሮስኮፕ · ማክሰኞ ማታ 1፡30

ዶክተር፣ ከአክብሮት ጋር፣ እዚህ ላይ አንስማማም። አልቤንዳዞል ሳንባ ውስጥ የሚዞረውን እጭ በአስተማማኝ አይገድልም። አንጀት ውስጥ ያለውን ነው ድል የሚያደርገው። መስከረም 28 ኪኒኑን የዋጠ ልጅ እናቱ ምን ትላለች? «መድኃኒት ወስዷል፣ ተገላገልን።» ሳሉ በራሱ ጊዜ ይጠፋል፣ መድኃኒቱ ያዳነው ይመስላታል። እጩ ደግሞ ቀስ ብሎ አንጀት ገብቶ ያድጋል። ታኅሣሥ ላይ ማን ይመጣል? ማንም። ሳሉን አስታግሱለት፣ ቀጠሮ ስጡት፣ ትሉ አንጀት ሲገባ መድኃኒቱን ስጡት። እኔ የማውቀው እንዲህ ነው።

---

ዶክተሩ ከሰበታ መንገድ · ማክሰኞ ማታ 2፡15

ጋሽ ተስፋ፣ እርስዎ ያሉት ሥጋት እውነት ነው፤ ግን እኔን ወደ ተቃራኒው ነው የሚወስደኝ። ቀጠሮ የሰጠኋቸው ስንቶቹ ናቸው የሚመለሱት? ቢያንስ ቀድሞ የገባ ሌላ ትል ካለበት ይወጣለታል። ይህ ልጅ በርሜል እንቁላልም ተገኝቶበታል እኮ። በርግጥ ሲሰጥ እናትየዋን አስቀምጦ «ይሄ የመጀመሪያው ነው፣ ዋናው ለገና ነው» ማለት ያስፈልጋል።

በአንድ ነገር እንስማማለን ብዬ አስባለሁ። ማፏጨቱ ከበዛና ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ስቴሮይድ ለመስጠት ከታሰበ መጀመሪያ ስትሮንጂሎይደስ አለመኖሩ መታየት አለበት። እሱም ሳል ያመጣል፣ ኢኦሲኖፊልም ከፍ ያደርጋል። ስቴሮይድ ሲያገኝ ግን በሰውየው ውስጥ ይራባል፣ ይበተናል፣ ይገድላል። ካቶ ካትዝ ደግሞ እሱን አያሳይም። በሰገራ የሚወጣው እጩ እንጂ እንቁላሉ አይደለም።

---

ጋሽ ተስፋ ማይክሮስኮፕ · ማክሰኞ ማታ 2፡22

በዚህኛው ሙሉ በሙሉ።

---

አብዱ ላብ · ማክሰኞ ማታ 3፡00

ስለ ኮሶው ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ የናሆም እናት። ስለ ትሪኩሪስ ሳንባም እሺ ብያለሁ። ግን የላብራቶሪ ስህተቷን አልለቅም! ትሪኩሪሱ መስከረምም አስቀድሞ ኖሮ ሊሆን ይችላላ። በሁለት ምርመራ ያላዩት ለምንድን ነው?

---

ጋሽ ተስፋ ማይክሮስኮፕ · ማክሰኞ ማታ 4፡10

አብዱ፣ ይህች ጥሩ ጥያቄ ናት። ግማሽ እውነትህን አሁን ልስጥህ።

የካቶዋን ፕላስቲክ ታውቃታለህ፣ መሐሏ ቀዳዳ ያላት። ቀዳዳዋን በሰገራ ሞልተህ ስትላጫት የሚቀረው 41.7 ሚሊ ግራም ነው። ለዚህ ነው የቆጠርነውን በ24 የምናባዛው። የአንድ ግራሙን ለማግኘት።

አሁን ልጁ በቀን 150 ግራም ሰገራ ይወጣዋል እንበል። ሆዱ ውስጥ አንዲት ሴት ወስፋት ብቻ ብትኖር፣ ወንዱም ካለ፣ በቀን ወደ 200,000 እንቁላል ትጥላለች። ለ150 ስታካፍለው በግራም 1,300 ገደማ። ስላይድህ ላይ ስንት ይደርስሃል? ከ50 በላይ! ከአንዲት ትል! እያዛጋህ ብታይ እንኳ አታልፈውም። ስለዚህ እንቁላል የምትጥል ወስፋት ኖራ ሁለት ጊዜ «ምንም የለም» መባሉ ለማመን ይከብዳል። ያ ዜሮ እውነተኛ ዜሮ ነው።

ትሪኩሪስ ግን ንፉግ ናት። በቀን ከ3,000 እስከ 20,000 ነው የምትጥለው። 5,000 ብለህ ያዝ። በግራም 33። ስላይድህ ላይ አንድ ወይም ሁለት እንቁላል። ያች አንዷ ስላይዱ ጥግ ላይ ከተቀመጠች፣ አንተም ምሳ ሰዓትህ ከደረሰ፣ አለቀላት። ስለዚህ ትሪኩሪሷ መስከረምም ኖራ አምልጣቸው ሊሆን ይችላል። ወይም ከወስፋቱ ጋር አብራ የተዋጠች ናት። እሷም ከተዋጠች በኋላ እስክትጥል ሁለት ወር ያህል ይፈጅባታል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ጥያቄዋ አትነግረንም።

በነገራችን ላይ ስለ ምሳ ካነሳሁ አይቀር። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ለዳሰሳ ወደ ቆላ ወጣን። ጠዋት 40 ስላይድ ሠርቼ ደረደርኩ። በኩራት ምሳ በላሁ፣ ቡናም ጠጣሁ። ከሰዓት ቁጭ ብዬ አየሁ። ወስፋት አለ፣ ትሪኩሪስ አለ፣ ሁክዎርም አንድም የለም። በባዶ እግር የሚሄድ ሰው በሞላበት አገር! አለቃዬ መጥቶ ስላይዶቹን አየ፣ እኔን አየ፣ «መቼ ሠራሃቸው?» አለኝ። ካቶው ላይ ያለው ግሊሰሪን ሰገራውን ያጠራዋል፣ ለወፍራሙ እንቁላል ጥሩ ነው። የሁክዎርምን ስስ እንቁላል ግን እሱንም አጥርቶ ያጠፋዋል። ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ውስጥ ካልታየ የለም። ቀኑን ሙሉ የለፋሁበት ቁጥር ተሰረዘ። በማግስቱ እንደገና ናሙና ለመነን። ሁለተኛ ሰገራ ስጡን ስንላቸው ሰዎቹ ያሉንን እዚህ አልጽፈውም።

ስለዚህ ሜላት፣ መልስሽ ተሳስቷል ብዬሻለሁ። ግን የታኅሣሡ ስላይድ በስንት ሰዓቱ እንደታየ ጥያቄዋ አትናገርም። ዘግይቶ ከታየ ሁክዎርም አልነበረም ብሎ መማል አይቻልም።

---

ሜላት ከቱሉ ዲምቱ · ማክሰኞ ማታ 4፡31

ጋሽ ተስፋ!! ይህን ይዤ ቅሬታ ላስገባ?

---

ጋሽ ተስፋ ማይክሮስኮፕ · ማክሰኞ ማታ 4፡35

አስገቢ፣ ግን ብዙ አትጠብቂ። ወስፋቱ በስላይዱ ላይ ተገኝቷል፣ ቀኑም ልክ ይገጥማል። ያልታየን ሁክዎርም ከታየ ወስፋት የሚያስቀድም አስተማሪ የለም።

---

ጎመን አምራች · ረቡዕ ጠዋት 12፡50

እኔ የአቃቂ ዳር ገበሬ ነኝ። ሁልጊዜ በሽታ ሲነሳ «አቃቂ ወንዝ ዳር አትክልት ከሚያለማ ቤተሰብ»። ፈተናም ላይ አልቀረልንም? እኛ የምንጠቀመው የከብት ፍግ ነው። የሰው ቆሻሻ ማሳ ላይ አንደፋም። ልጆቻችንም ደህና ናቸው።

---

ጋሽ ተስፋ ማይክሮስኮፕ · ረቡዕ ጠዋት 2፡10

ወንድሜ፣ ስለ ፍጉ ልክ ነህ። የሰው ወስፋት በከብት ፍግ አይመጣም። ነገሩ ከላይ ነው የሚወርደው። የከተማው ሽንት ቤት ወንዙ ውስጥ ይገባል፣ አንተ በፓምፕ ትስበዋለህ። ጥፋቱ ያንተ አይደለም፣ ቆስጣህ ግን አያውቅልህም።

ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ። ዛሬ የወጣ የወስፋት እንቁላል ዛሬ ቢዋጥ አያሳምምም። አፈር ላይ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሳምንት መቀመጥ አለበት፣ ውስጡ እጭ እስኪሠራ። እንደኛ ባለ ብርድ አገር ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። ግን አይሞትም፣ እርጥብ ጥላ ካገኘ ወራትም ዓመታትም ይጠብቃል። ሁክዎርም ብርዱን አይችለውም፣ ለዚህ ነው እዚህ ከቆላው ያነሰ የምናየው። የጥያቄዋ ልጅ መስከረም 10 ዋጠ ካልን እንቁላሉ አፈሩ ላይ የደረሰው በክረምቱ ጎርፍ ነው ማለት ይሆናል።

---

የናሆም እናት · ረቡዕ ጠዋት 2፡40

እኔ ሰላጣ በበረኪና ነው የምዘፈዝፈው። እሱስ ይገድለዋል?

---

ጋሽ ተስፋ ማይክሮስኮፕ · ረቡዕ ጠዋት 3፡00

ወስፋትን አይገድለውም። ላይ ላዩን ያለውን ጎርባጣ ልጣጭ ቢያነሳው እንኳ ከሥሩ ያለው ልጣጭ ክሎሪን አያሳልፍም። ለባክቴሪያው ይጠቅምሻል፣ ለእንቁላሉ ግን በሚፈስ ውኃ ቅጠል በቅጠል ማሸት ነው። ተለጣፊ ነው፣ ዝም ብሎ ነክሮ ማውጣት አይበቃም። የተቀቀለ ጎመን ሥጋት የለውም። ሙቀት ይገድለዋል።

---

ጎመን አምራች · ረቡዕ ቀን 6፡20

እንግዲህ ጎመን ከተቀቀለ ሰላም ነው ካልክ ስሜ ጸድቷል። ሰላጣ የሚተክለው ጎረቤቴ ነው። 😄

---

ሜላት ከቱሉ ዲምቱ · ረቡዕ ማታ 1፡50

ሦስተኛው ቀርቷል። የቀረው ትሪኩሪስ መሆኑ ገባኝ። ግን መድኃኒቱን ተላምዶ ነው ያልኩት ለምን ስህተት ሆነ? አንድ ኪኒን ወስዶ አልሞተም እኮ።

---

ዶክተሩ ከሰበታ መንገድ · ረቡዕ ማታ 2፡30

ሜላት፣ «ተላመደ» የሚባለው በፊት ይገድለው የነበረ መድኃኒት አሁን እንቢ ሲል ነው። ትሪኩሪስ ላይ አንድ ዶዝ አልቤንዳዞል ከድሮም ደካማ ነው። ወስፋት ላይ ከ10 ልጅ ዘጠኙን ያህል ያጸዳል። ትሪኩሪስ ላይ ግን ከ10 ሦስት ቢሆን ነው። ስለዚህ በጥያቄዋ የሆነው የሚጠበቀው ነገር ነው። ወስፋቱ ሄደ፣ ጅራፉ ቀረ።

አንዱ ምክንያት አቀማመጡ ነው ይላሉ። ወስፋት አንጀት ውስጥ ልቅ ሆኖ ይዋኛል። ትሪኩሪስ እንደ ክር የቀጠነ የፊት ክፍሏን አንጀቱ ግድግዳ ውስጥ ሰፍታ ትቀመጣለች። ወፍራሙ ኋላዋ ብቻ ነው የሚንጠለጠለው። ለዚህም ነው ጅራፍ የምትመስለው።

እጥፍ ማድረግ ያልሽው እንግዲህ፦ በአንድ ቀን መጠን ከመጨመር ቀን ማብዛት ይሻላል። ሜቤንዳዞል 100 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ ለ3 ቀን፣ ወይም አልቤንዳዞል 400 በቀን አንድ ጊዜ ለ3 ቀን። ሌላው መንገድ አልቤንዳዞልን ከአይቨርሜክቲን ጋር ማጣመር ነው። ከሁሉም የተሻለ ውጤት ያየሁት በዚህ ነው፣ ግን ሁልጊዜ በእጅ አይገኝም። ከዚያ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰገራውን ማየት።

---

አብዱ ላብ · ረቡዕ ማታ 2፡48

ታዲያ ትምህርት ቤት ያ አንድ ኪኒን ለምን ይሰጣል? ትሪኩሪስን ካልገደለ ምን ፋይዳ አለው?

---

ዶክተሩ ከሰበታ መንገድ · ረቡዕ ማታ 3፡05

የዘመቻው ዓላማ እያንዳንዱን ልጅ ማጽዳት ሳይሆን የትሉን ብዛት መቀነስ ነው። ልጅን የሚያደማው፣ እድገቱን የሚጎትተው፣ ብሎም ፊንጢጣውን ወደ ውጭ የሚያወጣው ብዙ ትሪኩሪስ ነው። አምስት ስድስት ትል ያለበት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይታይበትም። ኪኒኑ ባያድነውም እንቁላሉን ይቀንሰዋል። ፈተናዋ ላይ ያለው ልጅ ግን ታሞ የመጣ አንድ ልጅ ነው። ለሱ «ቀንሷል» አይበቃም።

---

ጋሽ ተስፋ ማይክሮስኮፕ · ረቡዕ ማታ 3፡40

ዶክተር፣ «ቀንሷል» ለማለትም ቆጥሮ መጻፍ ይጠይቃል። ስንቱ ላብራቶሪ ነው «ትሪኩሪስ አለ» ብቻ ብሎ የሚልከው! በፊት 960 ነበር፣ አሁን 240 ነው ከተባለ ሐኪሙ ነገር ገባው። «አለ»፣ «አለ» ከሆነ መድኃኒቱ ምንም ያልሠራ ይመስላል። ሜላት፣ ስትመረቂ ይቺን ያዢልኝ።

---

የናሆም እናት · ዓርብ ማታ 12፡30

ጋሼ፣ በዕቃ ይዤ ሄድኩ። ያሉት ሆነ፣ ኮሶ ነው አሉን። መድኃኒቱን እዚያው ዋጠ። አባቱንም መረመሩት። ለሱም ታዘዘለት! አሁን እሱ ራሱ ክትፎውን «በደንብ ይብሰል» እያለ ነው። ለስንት ቀን እንደሚቆይ እናያለን።

---

ሜላት ከቱሉ ዲምቱ · ዓርብ ማታ 2፡15

ቅሬታዬን ትናንት አቀረብኩ። ስለ ቀኖቹ አልተከራከርኩም፣ እዚያ ጥፋቱ የእኔ ነው። የታኅሣሡ ስላይድ በስንት ሰዓቱ እንደታየ ጥያቄው አይገልጽም አልኳቸው። መምህሬ ትንሽ ዝም አሉ። «ማን ነገረሽ?» አሉኝ። አንድ የድሮ ባለሙያ አልኩ። ሳቁና 1 ማርክ ጨመሩልኝ። 4 ከ10። የመስከረሙን መድኃኒት ጉዳይም ጠየቅኳቸው። እሳቸው ከጋሽ ተስፋ ጋር ናቸው፣ አጠገባቸው የነበሩት ሌላው መምህር ግን ከዶክተሩ ጋር። ሁለቱን ሲከራከሩ ትቻቸው ወጣሁ።

---

አብዱ ላብ · ዓርብ ማታ 2፡20

የላብራቶሪ ስህተት ያልነው ታዲያ ግማሽ አያሰጥም ነበር?

---

ጋሽ ተስፋ ማይክሮስኮፕ · ዓርብ ማታ 3፡00

አብዱ፣ አንተ ምሳህን ብላ። ስላይዱን ግን ከምሳ በፊት እየው።